ትልቁ ጥራት ወይስ ትንሹ ፋይል? የ30 ሒሳብ ቪዲዮዎች ጉዳይ

የውይይት ክሩን የከፈተው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ተማሪ የሚያስጠና ሰው ነው። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ዩቲዩብ ላይ ያሉ 30 የሒሳብ ትምህርቶችን አውርዶ በፍላሽና በሜሞሪ ሊያድላቸው አስቧል። እያንዳንዱ ትምህርት 45 ደቂቃ ነው፤ አስተማሪው ነጭ ሰሌዳ ላይ በማርከር እየጻፈ ያስረዳል። የቻናሉ ባለቤት ቪዲዮዎቹን ኮፒ አድርጎ ለተማሪ መስጠት እንደሚቻል ከሥራቸው ጽፎላቸዋል። ጠያቂው ቤት ዋይፋይ የለም፤ ላፕቶፑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር እያገናኘ ነው የሚሠራው። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ፍጥነቱ ወደ 300 ኪሎቢት ይወርዳል። ጥያቄው አጭር ነበር፦ አንዴ ገንዘብ ከወጣ አይቀር ትልቁን ጥራት ላውርድ፣ ወይስ ፓኬጁ እንዳያልቅ ትንሹን?

ክሩ ረዝሟል፣ መሃል ላይም ተጋግሏል። አሁን ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብድ ምላሾቹን በየተራቸው እተርካለሁ፤ የማልስማማበትንም እናገራለሁ።

ምላሽ 1 ከቡራዩ ነው። ሰውየው ሳያመነታ 360p እንዲያወርድ መከረው። ሒሳብ የሚሰማ ትምህርት ነው፣ ምስሉ ቢደበዝዝም ድምፁ ካለ ይበቃል ባይ ነው። ዳታ ስለመቆጠብ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ሰሌዳ ላይ ያለው x² ይሁን x³ የማይለይበት ቪዲዮ ለሒሳብ ተማሪ ምን እንደሚያደርግለት አላሰበበትም።

ምላሽ 2 ተቃራኒውን ያዘ። ሁልጊዜ 1080p ይውረድ፣ ከዚያ ላፕቶፕ ላይ በሃንድብሬክ ይጨመቅ፤ ጥራቱም ሳይጠፋ መጠኑም ይቀንሳል አለ። በራስ መተማመን የተሞላ ጽሑፍ ስለነበር ብዙ ሰው ወደደለት።

ምላሽ 3 ቆጣ ብሎ መጣ። ሰውየው ጥያቄውን አንብቦት እንደሆነ ጠየቀውና፣ ዳታው የሚቆረጠው ፋይሉ ሲወርድ እንጂ ከወረደ በኋላ እንዳልሆነ ነገረው። ግማሽ ጊጋ አውርዶ ወደ 100 ሜጋ መጨመቅ የሜሞሪ ቦታ ያተርፋል እንጂ የፓኬጁን ብር አይመልስም። ነጥቡ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰውን ከክር የሚያባርር ዓይነት ነበር። በኋላ እንደምታዩት የምላሽ 2 ሐሳብም በሌላ ቦታ ጠቅሟል።

ምላሽ 4 የጻፉት ሰበታ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ክሩ መስመር የያዘው ከእሳቸው በኋላ ስለሆነ ጋሼ እያሉ የጠሯቸው ብዙዎች ነበሩ። ይህን ያህል አውርድ ከማለታቸው በፊት ቪዲዮው የሚወርድባቸውን ጥራቶችና መጠኖች ዝርዝር አሳየኝ አሉት። 720p ወይም 1080p የሚባለው የምስሉ ስፋትና ቁመት ብቻ ነው፤ ስንት ሜጋ እንደሚበላ አይናገርም። የሚበላውን የሚወስነው ለአንድ ሰከንድ ስንት ኪሎቢት እንደተመደበ ነው። ኪሎቢቱን በሰከንዱ አባዝቶ ለ8000 ማካፈል ሜጋባይቱን ይሰጣል። የ45 ደቂቃ ትምህርት 2700 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 300 ኪሎቢት ከሆነ 101 ሜጋ ገደማ ይመጣል። ዝርዝሩን ለማየት ቪዲዮውን ማውረድ አያስፈልግም፤ ቪዲዮ በሚያወርደው `yt-dlp` ፕሮግራም፣ በ`LINK` ቦታ የቪዲዮውን አድራሻ አስገብቶ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
yt-dlp -F LINK
```

ትዕዛዙ የሚወስደው ዳታ ከቪዲዮው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። መጠኑ ፊት ለፊት ≈ ካለበት ግምት መሆኑንም አስጠነቀቁ። ፕሮግራሙ ካረጀ ደግሞ ዝርዝሩንም ላያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ በ`pip install -U yt-dlp` ይታደስ አሉ።

ምላሽ 5 ላይ ጠያቂው ከሰባተኛው ትምህርት ያገኘውን ለጠፈ። ጠቃሚዎቹን ብቻ ልተው፦

```
137  1080p  avc1  472 MB
136   720p  avc1  175 MB
247   720p  vp9   101 MB
135   480p  avc1   98 MB
244   480p  vp9    57 MB
140  audio  m4a    43 MB
139  audio  m4a    16 MB
249  audio  opus   17 MB
```

ምላሽ 6 እንደገና የሰበታው ጋሼ ናቸው፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩትም ይሄንን ነው። መጀመሪያ ጠያቂው ዓይኑን ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ላይ እንዲያሳርፍ ነገሩት። በvp9 የተጨመቀው 720p እና በavc1 የተጨመቀው 480p ልዩነታቸው 3 ሜጋ ብቻ ነው። avc1 የቆየው አጨማመቅ ነው፣ ያላነበበው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። vp9 ከእሱ በኋላ የመጣ ነው፤ ተመሳሳይ ምስል በትንሽ ኪሎቢት ይይዛል፤ በምትኩ ለመክፈት ከስልኩ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ጠያቂው ትልቁ ወይስ ትንሹ ብሎ ሁለት በር ብቻ ማየቱ ስህተት ነው፤ በአንድ ዋጋ የተሻለ ፊደል የሚገኝበት መስመር እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛ፣ ይህ ቪዲዮ ለምን 1080p ሆኖ እንኳ ግማሽ ጊጋ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። የቪዲዮ አጨማመቅ በአመዛኙ የሚመዘግበው ካለፈው ምስል የተለወጠውን ነው። ነጭ ሰሌዳ አይንቀሳቀስም፤ የሚለወጠው የአስተማሪው እጅና አዲስ የተጻፈው መስመር ነው። ሣሩም ተመልካቹም ካሜራውም የሚንቀሳቀስበት የኳስ ጨዋታ ግን በ480p ከዚህ 720p ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለኳስ የሠራውን ልማድ ለሰሌዳ አትዋሱ፤ በተቃራኒውም እንዲሁ።

ምላሽ 7 ቱሉ ዲምቱ የምትኖር ድምፅ የምትቀዳ ልጅ ናት። ጋሼ ይቅርታ ብላ ጀመረችና ሁሉም ምስሉ ላይ ሲከራከር ድምፁን የረሱት መሆኑን አሳየች። ምስልና ድምፅ ለየብቻ ነው የሚወርዱት። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር የተሻለውን ድምፅ ይመርጣል፤ እዚህ ዝርዝር ላይ ያ ማለት 40 ሜጋ አካባቢ ነው። የ480p vp9 ምስል 57 ሜጋ ሆኖ ሳለ ለድምፁ 43 ሜጋ መክፈል ማለት ከጠቅላላው ዳታ ከ4 እጅ አንዱ በላይ ለማይሰማ ልዩነት ሄደ ማለት ነው። ሙዚቃ ቢሆን አትነካካ ትል ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ለሚናገርበት ግን ወደ 50 ኪሎቢት የሚጠጋው 249 ወይም 139 ይበቃል፤ በስልክ ስፒከርም ልዩነቱን ለይቶ የሚነግር ተማሪ አይገኝም። በአንድ ትምህርት 26 ሜጋ ይተርፋል፣ በ30ው ወደ 800 ሜጋ። ሁሉም ቪዲዮ 139ን ስለማይይዝ ከሌለ ቀጥሎ የሚወሰደውን በትዕዛዙ ውስጥ ማስቀመጥ እንዳይረሳም አሳሰበች።

ምላሽ 8 ጥያቄውን ሌላ ቦታ ወሰደው። ለገጣፎ ያለ ሰው የእህቱን የሰርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ውጭ አገር ላለ ወንድሙ ሲልክ ምስሉ ተበላሸበት፤ ስለዚህ ትልቁን ጥራት ማውረድ ይሻላል ብሎ ደመደመ። ያ የመላክ ጉዳይ ነው፣ የማውረድ አይደለም። ሆኖም ምላሽ 9 ሳትንቀው መለሰችለት፦ ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ሲልከው ራሱ እንደገና ይጨምቀዋል፣ `File` ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ከዚያ ወደ ጠያቂው ዞራ፣ ትምህርቶቹን በተማሪዎቹ ግሩፕ ላይ ሊለጥፍ ካሰበ ተማሪዎቹ አስቀድመው `Data and Storage` ውስጥ ገብተው በሞባይል ዳታ ራሱ የሚያወርደውን እንዲያጠፉ ይንገራቸው አለች። አለዚያ እሱ የቆጠበውን ዳታ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ይከፍለዋል። ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ወይም በሜሞሪ ቢተላለፍ ምንም ዳታ አይነካም፤ እኔም ይህንን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ አንድ ሰው አንዴ ከፍሎ አንድ ክፍል ሙሉ ይጠቀማል።

ምላሽ 10 ጠቡ የተነሳበት ነው። ቁጥር 6 ላይ የተመሰገነውን vp9 ከንቱ አለው። ከ247 ጋር 249ን ሲያጣምሩ የሚወጣው `webm` ፋይል ነው፤ ሰዉ ቤት ያሉ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፍላሽ ሲሰካባቸው ይህን አይከፍቱም፣ ወይም ድምፁን ብቻ ያሰማሉ። ተማሪው ቤት ወስዶ ባይከፈትለት ያ ሁሉ ዳታ የባከነ ነው፤ ስለዚህ 135 እና 139 ይወሰድ፣ `mp4` ይሆናል፣ ሁሉም ይከፍተዋል። ምላሽ 11 ደግሞ ይሄ የድሮ ሰው ወሬ ነው ብሎ አፌዘበት፤ ዛሬ ያለ ስልክ ሁሉ vp9 ያነባል አለ። ምላሽ 12 ሁለቱንም ገሰጸ። ስልኮቹን በተመለከተ 11 አብዛኛውን ትክክል ነው፤ ጋለሪው ባያሳየው እንኳ ቪኤልሲ ይከፍተዋል። የቆዩትና በጣም ርካሾቹ ስልኮች ግን vp9ን የሚከፍት የተለየ ክፍል ስለሌላቸው በዋናው ፕሮሰሰር ይታገላሉ፤ ምልክቱ ድምፁ እየቀጠለ ምስሉ መጎተቱ፣ ስልኩ መሞቁና ባትሪው ቶሎ መውረዱ ነው። ተማሪዎቹ ምን እንደያዙ የሚያውቀው ጠያቂው ብቻ ስለሆነ እዚህ መሰዳደብ የትም አያደርስም ብሎ ዘጋው። ያለ ጨዋነት የተጻፉት ቃላት በኋላ ተሰርዘዋል።

ምላሽ 13 ነገሩን በክርክር ሳይሆን በሙከራ የሚፈታ ነበር። ከሱሉልታ የጻፈው ልጅ ሙሉውን ከማውረድ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጦ ማውረድ እንደሚቻል አሳየ። የሚመረጠው ደቂቃ ሰሌዳው በጽሑፍ የተሞላበትና አስተማሪው በትንንሹ የጻፈበት ይሁን፤ መግቢያው ላይ ያለው ትልቅ ርዕስ በ240p ጭምር ስለሚነበብ ምንም አያስተምርም።

```
yt-dlp -f 135 --download-sections "*22:00-23:00" -o "480.%(ext)s" LINK
yt-dlp -f 247 --download-sections "*22:00-23:00" -o "720.%(ext)s" LINK
```

ሁለቱ አንድ ላይ ከ5 ሜጋ ብዙም አይበልጡም። `ffmpeg` ኮምፒውተሩ ላይ መኖር አለበት፤ ከሌለ መቁረጡም ምስልና ድምፅ ማጣመሩም አይሠራም። ቪዲዮው ድምፅ የለውም እያሉ የሚጽፉት አብዛኞቹ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው፤ ፎልደሩን ቢያዩ ድምፁ ብቻውን ሌላ ፋይል ሆኖ ያገኙታል። ናሙናውን በላፕቶፕ ስክሪን ሳይሆን ተማሪዎቹ ከያዙት ስልክ መካከል ደካማው ላይ መክፈት ይገባል አለ። እኔ የምጨምረው፣ ቴሌቪዥን ላይም በዚያው ፍላሽ ይሞከር።

ምላሽ 14 ስለ መቆራረጥ ጠየቀ፤ ኔትወርኩ 80 ከመቶ ላይ ሲጠፋ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል ወይ? ምላሽ 15 ላይ የሰበታው ጋሼ ተመለሱ። በብሮውዘር የተጀመረ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዎ፣ ምክንያቱም የቪዲዮው ትክክለኛ አድራሻ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ማታ ተቋርጦ ጠዋት ቀጥል ቢሉት አድራሻው ሞቷል። `yt-dlp` ግን ያወረደውን በ`.part` ፋይል ያስቀምጣል፤ ያንኑ ትዕዛዝ በዚያው ፎልደር ሲደግሙት አዲስ አድራሻ ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል። `.part` ፋይሉን ቆሻሻ መስሎት የሚያጠፋ ሰው የከፈለበትን ዳታ ነው የሚያጠፋው። በመሃል የጥራቱን ቁጥር መቀየርም አይገባም፤ ሌላ ፋይል ስለሆነ ከዜሮ ይጀምራል።

እዚያው ላይ ማንም ያልጠየቃቸውን አንድ ነገር ጨመሩ፤ በእኔ ግምት ከአጨማመቅ ክርክሩ ሁሉ በላይ ዳታ የሚያተርፈው ይህ ነው። ላፕቶፑ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ዊንዶውስ ያገኘው ዋይፋይ ነው ብሎ ያምናል፤ ዝመናዎቹን ያለ ሃሳብ ማውረድ ይጀምራል። ጥቂት ሜጋ የተቆጠበበት ሌሊት በዝመና ጊጋ ሊጠፋበት ይችላል። የሆትስፖቱን ስም ተጭኖ ንብረቱ ውስጥ `Metered connection` የሚለውን ማብራት ነው መፍትሔው። ለእያንዳንዱ ሆትስፖት ለየብቻ ስለሆነ የስልኩ ስም ሲቀየር እንደገና መብራት አለበት።

ከምላሽ 16 እስከ 18 ወሬው ወደ ሜሞሪ ካርድ ሄደ። 64 ጊጋ ተብሎ ተሽጦ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ካርድ፣ ከሞላ በኋላ የገቡት ቪዲዮዎች ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም። ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ አንብቦ ማረጋገጥ ይቻላል። ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ለሚያድል ሰው ጠቃሚ ነው። ቀጥሎ የመጣው የዋጋ ክርክር ግን አይጠቅምም፣ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 19 የጠያቂው ውጤት ነው። በ480ው ናሙና ላይ የፖሊኖሚያሉ ዲግሪዎች ተድበስብሰው 2 እና 3 አይለዩም፤ በ720ው ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። በስልክም vp9ው ከአንድ ተማሪ አሮጌ ስልክ በስተቀር ሳይጎተት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ግን ምላሽ 10 እንዳለው `webm`ን አልተቀበለም። ስለዚህ 247ን ከ249 ጋር መርጦ ይህን አዘጋጀ፦

```
yt-dlp -f "247+249/136+139/136+140" --download-archive done.txt -I 1:5 LINK
```

በሰያፍ መስመር የተለዩት ምርጫዎች የመጀመሪያው ከሌለ ቀጣዩ ይወሰድ ማለት ናቸው። `done.txt` ያለቁትን ስለሚመዘግብ ሁለተኛ አይወርዱም፤ `LINK` እዚህ የፕሌይሊስቱ አድራሻ ሲሆን `-I 1:5` ከፕሌይሊስቱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቪዲዮዎች ብቻ ይወስዳል፤ በማግስቱ `6:10` ይባላል። አንዱ ትምህርት 118 ሜጋ ነው፤ ሠላሳው 3.5 ጊጋ ገደማ። 1080pን ከነትልቁ ድምፅ ቢወስድ ኖሮ 15 ጊጋ ተኩል ይሆን ነበር። በ300 ኪሎቢት ፍጥነት ደግሞ አንዱ ትምህርት በ52 ደቂቃ ይወርዳል፤ 1080p ግን ለአንዱ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ምላሽ 20 ያ በምላሽ 3 የተሰደበው ሰው ነው፤ ሳይቀየም ተመልሶ መፍትሔ ይዞ መጣ። ለቴሌቪዥኑ ሲባል ሁለተኛ ማውረድ አያስፈልግም፤ የወረደውን ላፕቶፑ ላይ ወደ `mp4` መቀየር ዳታ አይበላም፣ የሚበላው ጊዜና መብራት ነው።

```
ffmpeg -i 07.webm -c:v libx264 -crf 26 -preset slow -c:a aac -b:a 64k 07.mp4
```

`crf` ቁጥሩ ሲያንስ ፋይሉ ይተልቃል፣ ሲጨምር ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ከ28 በላይ ለሰሌዳ እንዳይሄዱ መከረ። የተቀየረው ፋይል ከ`webm`ው ሊበልጥ እንደሚችልም አልደበቀም፤ የተጨመቀን እንደገና መጨመቅ ጥቂት ጥራት ይወስዳል። ምላሽ 21 ላይ ምላሽ 3ን የጻፈው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ልክ ነው ብሎ ተቀበለው።

ምላሽ 22 የሌሊት ፓኬጅ ይሻላል ወይስ ቀን የሚሠራውን ትልቁን መግዛት አለ። የቱሉ ዲምቷ ልጅ ሌሊት ከ7 ሰዓት በኋላ የኔትወርክ ማማውን የሚጋራው ሰው ስለሚቀንስ ፍጥነቱ እንደሚሻል ጻፈች። ሌላው ደግሞ የሌሊቱ ጊዜ ሲያልቅ ማውረዱ በራሱ ካልቆመ ቀሪው ከዋናው ሂሳብ እንደሚቆረጥ አስጠነቀቀ። ይህ ላይ ስምምነት የለም፤ ሁሉም የሚገዛው ፓኬጅ ሌላ ነው፤ ዋጋውም ይለዋወጣል። ጠያቂው አምስት አምስቱን የሚያወርደው ለዚህ ነው፤ በ300 ኪሎቢት አምስቱ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃሉ፣ ሌሊት ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ያልቃሉ።

የመጨረሻው ምላሽ ገላን ያለች የባዮሎጂ መምህርት ጥያቄ ነው፤ የማይክሮስኮፕ ምስል ሁልጊዜ ስለሚንቀሳቀስ የሰሌዳው ስሌት ለእሷም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች። የሰበታው ጋሼ ዝርዝሩን እንድትለጥፍ ጠይቀዋታል፤ እስካሁን አልለጠፈችም።